ጎማው ተነፍቶ የማይጠፋው መብራት፤ በመሐል ሜዳ ብርድና ከፍታ

በመኪና ዳሽቦርድ ላይ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ፣ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቅርጽ ኖሮት በመሐሉ ቃለ አጋኖ የያዘው ቢጫ መብራት፣ ከጎማዎቹ ቢያንስ በአንዱ ውስጥ ያለው ነፋስ ከሚገባው መጠን በታች መውረዱን የሚያስታውቅ ምልክት ነው። ይህን ምልክት የሚያበራው ሥርዓት በአሜሪካ ለቀላል መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ፣ በአውሮፓ ለአዳዲስ የቤት መኪኖች ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ፣ በቻይና ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ግዴታ የሆነ ሲሆን፣ ጃፓን ለገዛ ገበያዋ በሠራቻቸው የቆዩ ቪትዞችና ኮሮላዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ በመምጣታቸው፣ ይህን መብራት ከዚህ ቀደም አይቶት የማያውቅ አሽከርካሪ ሁሉ ከእርሱ ጋር መተዋወቁ አይቀርም።

ጎማው ከተነፋ በኋላም መብራቱ ሳይጠፋ ሲቀር አሽከርካሪው በአብዛኛው የሚደርስበት ድምዳሜ መሣሪያው ተበላሽቷል የሚል ነው፤ ይሁን እንጂ ብልሽት ከምክንያቶቹ ሁሉ የሚዘወተረው አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጎማው የተነፋው ሞቆ ሳለ ስለሆነ በእርግጥ አልሞላም፣ ወይም ሥርዓቱ አዲሱን መጠን ገና አልተረዳም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው በመሐል ሜዳ ደግሞ በሌላ አገር ስለ መኪና በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ ብዙም የማይነሣ ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም ከፍታው ራሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ርምጃዎች ከቀላሉና ወጪ ከማያስከትለው ተነሥተው ወደ ከባዱ የሚሄዱ ስለሆነ፣ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቆ መከተል ያልተበላሸ ዕቃ ከመቀየር ያድናል።

የመጀመሪያው ርምጃ ምንም መሣሪያ ሳይነኩ መብራቱን መመልከት ነው። ጎማውን በቀጥታ በሚለኩ ሥርዓቶች ዘንድ መብራቱ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። ሞተሩ ሲነሣ ሳይርገበገብ በርቶ የሚቆይ ከሆነ መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ የሚለውም የጎደለ ነፋስ አለ ነው። በአንጻሩ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ሲርገበገብ ቆይቶ ከዚያ በኋላ ረግቶ የሚበራ ከሆነ፣ ሥርዓቱ ስለ ነፋሱ ሳይሆን ስለ ራሱ ሕመም እየተናገረ ነው። ይህን ልዩነት ለማየት አሽከርካሪው መኪናውን እንዳስነሣ ለሁለት ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ዳሽቦርዱን ማየት ብቻ ይበቃዋል፤ ብዙ ሰው ግን መብራቱን የሚያስተውለው መንገድ ከጀመረ በኋላ በመሆኑ መርገብገቡ ያመልጠዋል፣ ጤነኛውንም ከታማሚው ሳይለይ ይቀራል።

ሁለተኛው ርምጃ ጎማውን በብርዱ መለካት ነው። “በብርዱ” ማለት መኪናው ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ቆሞ፣ ከሁሉ የተሻለው ደግሞ አድሮ፣ ጎማው የአካባቢውን ሙቀት ከያዘ በኋላ ማለት ነው። ሊኖር የሚገባው መጠን የሚገኘው በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት እንጂ በጎማው ጎን ላይ ከታተመው ቁጥር አይደለም፤ በጎማው ጎን ያለው ቁጥር ጎማው ሊሸከመው የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ሲሆን ለመኪናው የተመደበው ልክ አይደለም። ወረቀቱ በጃፓንኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ቢጻፍም ቁጥሮቹ ይነበባሉ፤ በ kPa የተጻፈውን በ7 ማካፈል ጎሚስታው ወደሚጠቀምበት ፒኤስአይ በግምት ያደርሳል፤ ለምሳሌ 230 kPa ወደ 33 ፒኤስአይ ይሆናል። መለኪያውም ቢሆን የአሽከርካሪው የራሱ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም በየጎሚስታው ያለው መለኪያ ከኮምፕሬሰሩ ጋር ሲወድቅና ሲነሣ የሚውል ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ፒኤስአይ ቢስት የሚያስገርም አይደለም።

በብርድ መለካት ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግና ከፍታው በምን በኩል እንደሚገባ ለመረዳት፣ ወረቀቱ 33 ፒኤስአይ የሚል አንድ መኪና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማበር በኩል ወደ መሐል ሜዳ ሲመጣ በጎማው ውስጥ የሚሆነውን በቁጥር መከተል ይጠቅማል። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ዓይነት ግፊቶችን መለየት ግድ ይላል። የጎሚስታው መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ በውጭ ካለው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው፤ ይህም ትርፍ ግፊት ሊባል ይችላል። በጎማው ውስጥ ያለው ሙሉ ግፊት ግን የመለኪያው ንባብና የውጩ አየር ግፊት ድምር ነው። የውጩ አየር በባሕር ጠለል ላይ 14.7 ፒኤስአይ ያህል ሲጫን፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ግን እየሳሳ ስለሚሄድ በአዲስ አበባ ወደ 11፣ በመሐል ሜዳ ደግሞ ወደ 10 ፒኤስአይ ይወርዳል።

እንግዲህ መኪናው አዲስ አበባ ውስጥ ሲሽከረከር ውሎ ጎማው ወደ 40 ዲግሪ በሞቀበት ሰዓት 33 ፒኤስአይ ተነፋ እንበል፤ ሙሉ ግፊቱ 33 ሲደመር 11፣ ማለትም 44 ነው። መሐል ሜዳ ገብቶ ሲያድር፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ አመዳይ በሚወርድበት ሌሊት፣ ንጋት ላይ ጎማው ወደ 5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ነፋስ በቀዘቀዘ መጠን ስለሚኮማተር ሙሉ ግፊቱ ከ44 ወደ 39 ገደማ ይወርዳል፤ የእጅ መለኪያውም ከዚህ ላይ የመሐል ሜዳን 10 ቀንሶ 29 ያነብባል። ምንም ቀዳዳ ሳይኖር፣ ማንም ነፋስ ሳያስተነፍስ፣ ጎማው ከሚገባው በ4 ፒኤስአይ አንሶ አድሯል ማለት ነው። ከፍታው ባይረዳው ኖሮ ጉድለቱ ከዚህም በአንድ ፒኤስአይ ይበልጥ ነበር፤ የሳሳው የውጭ አየር የእጅ መለኪያውን ንባብ በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋልና።

መብራቱን የሚያበራው መሣሪያ ግን ይህን የከፍታ እርዳታ ላያገኝ ይችላል። በቀጥታ የሚለካ ሥርዓት በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቫልቩ ሥር የታሰረች፣ የራሷ ባትሪ ያላትና ንባቧን በሬዲዮ ሞገድ ወደ መኪናው የምትልክ ትንሽ መለኪያ ይጠቀማል። ይህች መለኪያ ጎማው ውስጥ ስለታሸገች የምታውቀው ሙሉውን ግፊት እንጂ ከውጭ ያለውን አየር አይደለም። በአንዳንድ መኪኖች የሞተሩ ኮምፒውተር የውጩን አየር ለክቶ ስሌቱን ያስተካክላል፤ በሌሎቹ ግን ከሙሉ ግፊቱ ላይ ሁልጊዜ የሚቀነሰው መኪናው በባሕር ዳርቻ ያለ ይመስል 14.7 ነው። በምሳሌአችን ያለው መኪና ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ከሆነ ከ39 ላይ 14.7 ተቀንሶ የሚቀረው 24 ፒኤስአይ ከጥቂት ነው። የአሜሪካ ደንብ መብራቱ እንዲበራ የሚያዝዘው ግፊቱ ከተመደበው በ25 በመቶ ሲያንስ ነው፤ የ33 ሩብ ሲቀነስ ደግሞ 25 እንኳ የማይሞላ ቁጥር ይቀራል። ስለዚህ የእጅ መለኪያው 29 እያለ መብራቱ ይበራል።

አሁን አሽከርካሪው ወደ ጎሚስታ ሲሄድ የሚገጥመውን መመልከት ነው። ሞተሩን አሙቆ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ፀሐይ ወጥታ ጎማው ወደ 30 ዲግሪ ሲደርስ ሙሉ ግፊቱ ተመልሶ ከ42 በላይ ይሆናል፤ ጎሚስታው ሲለካውም 33 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያገኛል። “ሙሉ ነው” ይላል፤ ያየውም እውነት ነው። ጥቂት ጨምሮለት ይሸኘዋል፣ መብራቱም ቀን ላይ ምናልባት ይጠፋል፣ በማግሥቱ ንጋት ግን ያው 29 ገደማ ላይ ወርዶ እንደገና ይበራል። በዚህ ክርክር ውስጥ ጎሚስታውም፣ አሽከርካሪውም፣ መብራቱም አልዋሹም፤ ሦስቱ የተናገሩት ስለተለያየ ሰዓትና ስለተለያየ ግፊት ነው። ነገሩ ይህ ሆኖ ሳለ ጥፋቱን በጎሚስታው መለኪያ ላይ ማላከክ የተለመደ ነው።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው መፍትሔ እንዲህ ነው። መኪናው ባደረበት ቦታ፣ ፀሐይ ጎማውን ሳትነካው፣ አራቱም ጎማዎች ይለኩና እያንዳንዱ ስንት እንደጎደለው በወረቀት ይመዝገብ። ጎሚስታው ቅርብ ካልሆነና ጎማው እስኪደረስ መሞቁ ካልቀረ፣ ጎማው እዚያ ሲደርስ የሚያሳየው ቁጥር ምንም ይሁን ምን፣ ሊጨመርበት የሚገባው በንጋቱ የጎደለው ያህል ነው፤ ንጋት ላይ 29 የነበረው ጎማ በሞቀበት 33 ቢያሳይ ወደ 37 ይነፋል፣ በማግሥቱም ሲቀዘቅዝ ወደ 33 ገደማ ይመለሳል። ከሞቀ ጎማ ላይ ነፋስ ማስተንፈስ ግን በማንኛውም ምክንያት ሊደረግ አይገባም።

በብርዱ 33 ሞልቶም መብራቱ እምቢ ካለ፣ መኪናው በከፍታው ከሚታለሉት ወገን መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ብዙ መኪኖች መብራቱን የሚያጠፉት ንባቡ ከማብሪያው ወለል ከፍ ብሎ ወደተመደበው መጠን ሲጠጋ ብቻ ነውና፣ የእጅ መለኪያው 33 ሲል መሣሪያው ግን 28 እያነበበ ሊቆይ ይችላል። የእያንዳንዱን ጎማ ቁጥር በስክሪን የሚያሳይ መኪና ይህን ለማረጋገጥ ይመቻል፤ በንጋት የእጅ መለኪያውና የስክሪኑ ንባብ በአራቱም ጎማዎች ላይ በተመሳሳይ መጠን፣ በ4 ወይም በ5 ፒኤስአይ የሚለያዩ ከሆነ ምክንያቱ ከፍታው ነው። አንዱ ጎማ ብቻ የሚለያይ ከሆነ ግን ጉዳዩ የዚያ ጎማ መለኪያ ነው። ምክንያቱ ከፍታው ሲሆን በብርዱ ከወረቀቱ ቁጥር ሁለት ወይም ሦስት ፒኤስአይ አስበልጦ መንፋት፣ በጎማው ጎን ከታተመው ጣሪያ እስካልደረሰ ድረስ፣ ጎማውን አይጎዳም። ይሁን እንጂ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ እየጨመሩ መሄድ ሌላ ነገር ነው፤ ከልኩ በላይ የተወጠረ ጎማ መንገዱን የሚይዘው በመሐሉ ብቻ ስለሆነ በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያሳሳል፣ የኮረኮንች መንገድ ድንጋይም በቀላሉ ይቀድደዋል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ሥጋት አለ፤ በመሐል ሜዳ ብርድ 36 የተነፋ ጎማ በጣርማበር ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲደርስ ይፈነዳ ይሆን የሚል ነው። እዚህ ላይ ከፍታው ወዳጅ ይሆናል። ሙቀቱ ከ5 ወደ 30 ዲግሪ ሲወጣ ሙሉ ግፊቱ ከ46 ወደ 50 ቢያድግም፣ 1280 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሸዋ ሮቢት አየር ከመሐል ሜዳው የበለጠ ስለሚጫን የእጅ መለኪያው የሚያሳየው ከ38 ያልበለጠ ነው። በጉዞና በፍሬን ሙቀት ጥቂት ቢጨመርበትም በአብዛኞቹ የቤት መኪና ጎማዎች ጎን ከታተመው ጣሪያ ጋር አይገናኝም፤ ደግሞም ያ ጣሪያ የተሰጠው ለቀዘቀዘ ጎማ ነው።

ሦስተኛው ርምጃ ለሥርዓቱ ጊዜ መስጠት ነው። በጎማው ውስጥ ያሉት መለኪያዎች ባትሪያቸውን ለመቆጠብ ሲሉ መኪናው ቆሞ ሳለ ብዙም አይናገሩም፤ ንባባቸውን በየጊዜው መላክ የሚጀምሩት ጎማው ሲሽከረከር፣ በብዙዎቹ ዘንድ መኪናው በሰዓት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ጎሚስታው ደጅ ላይ ቆሞ መብራቱ እስኪጠፋ መጠበቅ ትርጉም የለውም፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በተለመደ ፍጥነት ከተነዳ በኋላ ነው ፍርድ የሚሰጠው።

በሌላው ዓይነት፣ ማለትም በተዘዋዋሪ በሚለካው ሥርዓት ዘንድ ግን መንዳት ብቻውን አይበቃም። ይህ ሥርዓት በጎማው ውስጥ ምንም መሣሪያ የለውም፤ የሚጠቀመው ለፍሬን ተብለው በየጎማው የተገጠሙትን የዙር ቆጣሪዎች ሲሆን፣ ነፋሱ የጎደለ ጎማ ዙሪያው ጥቂት ስለሚያንስ ከሌሎቹ ይልቅ ፈጠን ብሎ መሽከርከሩን አይቶ ጉድለቱን ይገምታል። ትክክለኛው ዙር የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ሲነግረው ብቻ ስለሆነ ከእያንዳንዱ መንፋት፣ ጎማ መቀየርና ማቀያየር በኋላ ዳግም ማስጀመር ያስፈልጋል። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ይህ የሚደረገው ከመሪው በታች ወይም ከተሳፋሪው ፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ በሚገኘው SET የሚል ቁልፍ ነው፤ መኪናው ቆሞ የሞተሩ ማስነሻ ቁልፍ በርቶ ሳለ፣ መብራቱ ሦስት ጊዜ በዝግታ ብልጭ እስኪል ድረስ SET ተጭኖ ይያዛል፣ ከዚያም ሥርዓቱ አዲሱን ልክ እንዲማር ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይነዳል። ቁልፍ የሌላቸው መኪኖች ይህንኑ በስክሪኑ የመኪና ማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ ያስቀምጡታል። ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው፣ ይህ ቁልፍ መብራት ማጥፊያ አለመሆኑ ላይ ነው። ጎማው ጎድሎ ሳለ የተጫነው ሰው ጉድለቱን ትክክለኛ ልክ አድርጎ ለመኪናው አስተምሮታል፤ መብራቱ በእርግጥ ይጠፋል፣ በሚያስፈልግበት ጊዜም አይበራም።

መብራቱ አሁንም ካልጠፋ አምስተኛው ጎማ መታሰብ አለበት። በአንዳንድ ትልልቅ መኪኖች ተጠባባቂው ጎማም የራሱ መለኪያ አለው፤ ከመኪናው ሆድ ሥር ተሰቅሎ ለዓመታት ያልታየ ጎማ ነፋሱ ቢወርድ የሚደንቅ አይደለም፣ አራቱ ጎማዎች ልካቸውን ይዘው ሳለ መብራቱ የሚበራውም ስለ እርሱ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው ርምጃ ቀስ ብሎ የሚያስተነፍስ ጎማ እንዳለ ማጣራት ሲሆን፣ ለዚህ በሁለት ተከታታይ ቀናት በተመሳሳይ የንጋት ሰዓት መለካት ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። አራቱም እኩል ከወረዱ ብርዱ ነው፤ ሦስቱ ባሉበት ረግተው አንዱ አንድ ፒኤስአይና ከዚያ በላይ ከወረደ ግን ያ ጎማ ያስተነፍሳል። የሳሙና አረፋ በጎማው ፊት፣ በቫልቩ አፍና ሥር፣ እንዲሁም ጎማው ቸርኬውን በሚነክስበት ዙሪያ ሲቀባ የሚወጣው ነፋስ አረፋውን እየነፋ ቦታውን ያሳያል። ሚስማር በቀላሉ ይገኛል፤ በኮረኮንች መንገድ ጠርዙ የተጣመመ ቸርኬ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ከመጀመሪያው ሲርገበገብ የታየው መብራት ግን ወደ ሌላ መንገድ ይወስዳል። የመለኪያዎቹ ባትሪ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል፣ ታሽጎ ስለተሠራም ብቻውን አይቀየርም፤ አገልግሎት ላይ ውሎ ወደ ኢትዮጵያ የገባ የ10 ዓመት መኪና መለኪያዎቹ በተራ በተራ ቢሞቱ ጊዜያቸው ደርሶ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚዘወተረው ግን ጎማ ሲጠገን የሚደርስ ጉዳት ነው። ጎማውን ከቸርኬው የሚፈለቅቀው ብረት ቫልቩ ባለበት በኩል ከገባ መለኪያዋን ይሰብራታል፤ የተሰበረችውም ተጥላ በተራ የጎማ ቫልቭ ትተካለች። ከመነዳሪ የማያስፈልገው ጎማ በተደጋጋሚ ሲቀደድ ከመነዳሪ ማስገባት በየገጠር ከተማው የተለመደ ነው፤ ከመነዳሪው የራሱ ቫልቭ ስላለው መለኪያዋ ከቦታዋ መነሣቷ የግድ ይሆናል፣ መኪናውም የጠፋችበትን ሲፈልግ ይኖራል። ስለዚህ ጎማው ከመፈታቱ በፊት ውስጡ መለኪያ እንዳለ ለጎሚስታው መንገርና ብረቱን ከቫልቩ ማዶ እንዲያስገባ መጠየቅ የአሽከርካሪው ድርሻ ነው።

አዲስ መለኪያ ሲገዛ ሁለት ነገሮች መመሳሰል አለባቸው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪኖች በብዛት በ315 ሜጋኸርዝ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ በ433 ሜጋኸርዝ ሞገድ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ሞገድ አይቶ መመረጥ አለበት፤ በመልክ አንድ መሆናቸው ማስረጃ አይደለም። ሞገዱ ቢገጥምም እያንዳንዷ መለኪያ የራሷ መለያ ቁጥር ስላላት በብዙ መኪኖች ያ ቁጥር በመመርመሪያ መሣሪያ በመኪናው ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ሳይመዘገብ የገባ አዲስ መለኪያ ለመኪናው የጎረቤት መኪና ጎማ ያህል እንግዳ ነው። መለኪያው ተገዝቶ እስኪገጠም ድረስ መኪናውን መንዳት ይቻላል፤ ነገር ግን የሚርገበገበው መብራት በዚያ ጊዜ ውስጥ በእርግጥ የጎደለ ጎማን ለይቶ ሊያሳይ ስለማይችል፣ አሽከርካሪው በየሳምንቱ አንድ ንጋት መለኪያውን ይዞ አራቱንም ጎማዎች በእጁ ሊለካ ይገባዋል።